በየ45 ደቂቃው ወይስ በቋሚ ሰዓት? የውሃና የመፍታታት ደወል ነገር

ፀሐይ ከሽምብጥ · ማክሰኞ ማታ 1፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የተቀዳ ድምፅ እየሰማሁ በጽሑፍ መገልበጥ ነው። ቃለ መጠይቆች በኢሜይል ይላኩልኛል፣ ባሕር ዳር ቤቴ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ጠዋት 2፡30 እጀምራለሁ። ከ6፡30 እስከ 7፡30 ምሳ ነው። ከዚያ እስከ 11፡30 እቀጥላለሁ። ማዳመጫው አንዴ ጆሮዬ ላይ ከገባ ሰዓቱ እንዴት እንደሚሄድ አላውቀውም።

ካለፈው ጥር ጀምሮ አንገቴንና ቀኝ ትከሻዬን ያመኛል። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣት አንዳንዴ ትደነዝዛለች። ከሰዓት በኋላ ሽንቴ እንደ ሻይ ጠቁሮ ነው የሚወጣው። ውሃ እንደማልጠጣ ያወቅኩት ያኔ ነው። ስለዚህ ላፕቶፔ ላይ በየ45 ደቂቃው ውሃ እንድጠጣና እንድነሳ የሚያስታውስ ነገር አደረግሁ። ሊኑክስ ነው የምጠቀመው።

ግን ሥራ አልሰራልኝም። አንዳንዴ ተነስቼ ከተቀመጥኩ ገና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ይጮኻል። አንዳንዴ ደግሞ ሳይጮህ ረጅም ይቆያል። ትናንት ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። በቀን 16 ጊዜ ጮኸ፣ እኔ የተነሳሁት 5 ጊዜ ብቻ ነው። ሌላውን ጠቅ አድርጌ ዘጋሁት።

እህቴ ይህን ትተሽ በስልክሽ አላርም ቋሚ ሰዓት ሙዪ ትለኛለች። 4 ሰዓት፣ 5 ሰዓት እያለች። እናንተ የትኛው ሰራላችሁ? ደቂቃ የሚቆጥረው ነው ወይስ ቋሚ ሰዓቱ?

---

አባይ ማዶ · ማክሰኞ ማታ 1፡52

እህትሽ ልክ ናት። ቋሚ ሰዓት ነው። እኔ ሂሳብ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሰዓቱ ሙሉ ሲሆን ሁሌ አላርም አለኝ። ሲጮህ እነሳለሁ፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ እጠጣለሁ፣ እቀመጣለሁ። ስምንት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ብርጭቆ። ሰው በቀን ስምንት ብርጭቆ ውሃ ያስፈልገዋል፣ ሂሳቡ ገጠመ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቡናና ሻይ ከቁጥር አይገባም። እንዲያውም ውሃ ያስወጣል። አንድ ሲኒ ቡና ከጠጣሽ አንድ ብርጭቆ ውሃ ጨምሪበት። እኔ እንደዚህ ነው የማደርገው፣ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ደህና ነኝ።

---

የፖሊ ልጅ · ማክሰኞ ማታ 2፡30

ፀሐይ፣ ስለ ቋሚ ሰዓቱ ከመወሰንሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማስታወሻውን ሊኑክስ ላይ ትእዛዝ በሰዓቱ በሚያስነሳው በክሮን ነው ያደረግሽው? መስመሩ ይህን ይመስላል?

```
*/45 * * * * DBUS_SESSION_BUS_ADDRESS=unix:path=/run/user/1000/bus notify-send "ውሃ! ተነሺ!"
```

ከሆነ አንቺ የጫንሽው በየ45 ደቂቃው የሚቆጥር ነገር አይደለም። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቼበታለሁ። ክሮን ደቂቃ አይቆጥርም። የሚያየው ግድግዳ ላይ ያለውን ሰዓት ነው። `*/45` ማለት ለእሱ «በእያንዳንዱ ሰዓት ውስጥ ከ0 ተነስተህ በ45 እየዘለልክ ሂድ» ነው። 0 ላይ ይጮኻል፣ 45 ላይ ይጮኻል። ቀጣዩ 90 ይሆን ነበር፣ ግን አንድ ሰዓት 59 ላይ ያልቃል። ስለዚህ እንደገና ከ0 ይጀምራል።

ውጤቱን ተመልከቺው። 2፡45፣ 3፡00፣ 3፡45፣ 4፡00፣ 4፡45፣ 5፡00። አንዱ ክፍተት 15 ደቂቃ፣ ቀጣዩ 45፣ እንደገና 15። ጠዋት ከ2፡30 እስከ 6፡30 ብትቆጥሪ 8 ጊዜ ይሆናል። ከሰዓት በኋላም 8 ነው። ያልሽው 16 ልክ ከዚህ ነው የመጣው። ቁጥርሽን ሳይ ነው የጠረጠርኩት።

60ን እኩል የሚያካፍል ቁጥር ካልሆነ በክሮን እኩል ክፍተት አታገኚም። 10፣ 15፣ 20፣ 30 ይሰራሉ። 45 እና 50 አይሰሩም። በ50 ቢሆን ደግሞ ይብሳል፣ 50 ላይ ጮኾ ከ10 ደቂቃ በኋላ ይደግመዋል።

ስለዚህ እስካሁን ደቂቃ ቆጣሪውን አልሞከርሽውም። የሞከርሽው የተዛባ ቋሚ ሰዓት ነው።

---

ጡረተኛው መምህር · ማክሰኞ ማታ 2፡48

ልጄ፣ ጥያቄሽ በእኛ ሰዓት ይሁን በፈረንጁ ሰዓት ከሆነ፣ ደርሶብኛልና ልንገርሽ። የግፊት መድኃኒቴን ከጠዋቱ 3 ሰዓት እንድወስድ ታዘዘልኝ። ስልኬ ላይ 3:00 AM ብዬ ሞላሁት። ጠዋት ነው ብዬ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጮኸ። ባለቤቴ ሰው የሞተ መስሏት ደንግጣ ተነሳች። ሦስት ሌሊት እንዲህ ሆነ። ስልኩ ተበላሽቷል ብዬ ወደ ጥገና ይዤው ልሄድ ነበር፣ የልጅ ልጄ አይታ አስተካከለችው።

የእኛ 3 ሰዓት ጠዋት በስልኩ 9:00 AM ነው። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ደግሞ 3:00 PM። ስድስት መደመር ወይም መቀነስ ነው። ቋሚ ሰዓት የምትሞዪ ከሆነ ይህን ልብ በዪ። ስትሞዪ ስልኩ ከስር «ከዚህ ያህል ሰዓት በኋላ ይጮኻል» ብሎ ይጽፋል። እሱን አንብቢው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ሞልተሽ «ከ7 ሰዓት በኋላ» ካለሽ ስህተት ነው። «ከ13 ሰዓት በኋላ» ማለት አለበት።

---

ፀሐይ ከሽምብጥ · ማክሰኞ ማታ 3፡05

የፖሊ ልጅ፣ ቃል በቃል ያ መስመር ነው። እግዜር ይስጥልኝ። አራት ወር ሙሉ ራሴን ስወቅስ ነበር፣ ደወሉን የማላከብረው ሰነፍ ስለሆንኩ እየመሰለኝ።

መምህር፣ የእርስዎንም ምክር ይዤዋለሁ። ጥያቄዬ ሌላ ቢሆንም ያ የስልኩ ጽሑፍ መኖሩን አላስተዋልኩም ነበር።

---

መስኮት 4 · ረቡዕ ጠዋት 1፡40

እኔ ባንክ ውስጥ ገንዘብ ከፋይ ነኝ። ለእኔ ደቂቃ ቆጣሪ የማይታሰብ ነው። 45 ደቂቃ ሞላ ብዬ ወረፋ ፊት መስኮት ዘግቼ ልነሳ አልችልም። ደመወዝ የሚወጣበት ሳምንት ሲሆን ሰልፉ በሩ ድረስ ነው። ብነሳ እንኳ ሳጥኑን ቆልፌ፣ ቁልፉን ይዤ ነው የምሄደው።

ለዓመታት ውሃ ሆን ብዬ አልጠጣም ነበር። ሽንት ቤት ብሄድ ማን ይተካኛል ብዬ። ሁለት ጊዜ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ያዘኝ። ሁለተኛው ላይ ከባልደረባዬ ጋር ተስማማን። 4 ሰዓት ላይ እሷ የእኔን ወረፋ ትይዛለች፣ 4፡15 ላይ እኔ የእሷን። ከሰዓት በኋላም 9 ሰዓትና 9፡15። አለቃችንም ያውቃል። ሰዓቱ ቋሚ ስለሆነ ነው ይህ የሚሰራው። «45 ደቂቃ ሲሞላኝ እጠራሻለሁ» ብላት ማናችንም አንነሳም ነበር።

ስለዚህ ጥያቄው ሰው አብሮሽ ይሰራል ወይስ ብቻሽን ነሽ የሚለው ይመስለኛል።

---

ወገብና ትከሻ · ረቡዕ ማታ 2፡15

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። እህት ፀሐይ፣ ካንቺ ጽሑፍ ውስጥ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ደወሉ ላይ አይደለም፣ ትንሿ ጣትሽ ላይ ነው። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ውሃና መነሳትን በአንድ ደወል አስረሻቸዋል። ሁለቱ ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም። ውሃ የቀን ድምር ነው። 4 ሰዓት ላይ ሳትጠጪ ብታልፊ እስከ ምሳ ቀስ እያልሽ ታሟዪዋለሽ። መቀመጥ እንደዚህ አይካካስም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሳትነሺ ቆይተሽ በመጨረሻ ሩብ ሰዓት ብትፍታቺ፣ አንገትሽ ላይ ያለው ጡንቻ ያን ሁለት ሰዓት ተኩል ጭንቅላትሽን ሳያርፍ ተሸክሞ ቆይቷል። እሱን መልሰሽ አታገኚውም። ታማሚዎቼ ሁሌ የሚሉኝ «ማታ ማታ እፍታታለሁ እኮ» ነው። ማታ መፍታታት መልካም ነው፣ ቀን ላይ የጠፋውን እረፍት ግን አይተካም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። ውሃውን በቋሚ ሰዓት አድርጊው። መነሳቱን ደግሞ ከተቀመጥሽበት ደቂቃ ቁጠሪው።

ለውሃው ደወልም ላያስፈልግሽ ይችላል። አንድ ሊትር ሃይላንድ ውሰጂ። በማርከር አራት መስመር አስምሪበት፣ በየመስመሩ ጎን 3፡30፣ 4፡30፣ 5፡30፣ 6፡30 ብለሽ ጻፊ። ከስክሪኑ ጎን አስቀምጪው። አሁን 5፡30 ከሆነና ውሃው ገና ከ4፡30ው መስመር በላይ ከሆነ ምን ያህል እንደቀረሽ በዓይንሽ ታያለሽ። ደወል ይህን ሊነግርሽ አይችልም። ከቀረሽ ግን ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አትጨልጪው። ኩላሊት በሰዓት ከአንድ ሊትር ብዙም የማይበልጥ ነው ሊያስወጣ የሚችለው። አንድ ብርጭቆ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ።

ስትነሺ ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ሦስት ነገር ብቻ አድርጊ። ቀጥ ብለሽ ቆመሽ፣ ወደ ታች ሳታጎነብሺ፣ አገጭሽን ወደ ኋላ ሳቢው። አምስት ሰከንድ ያዢው፣ አምስት ጊዜ። ቀጥሎ የበሩ መቃን ላይ ሁለት ክንዶችሽን ደግፊ፣ አንድ እግር ወደ ፊት አውጪ፣ ደረትሽ ሲሳብ እስኪሰማሽ። ሃያ ሰከንድ። በመጨረሻ እጆችሽን ወገብሽ ላይ አድርገሽ ወደ ኋላ ቀስ ብለሽ ተለጠጪ፣ አምስት ጊዜ። አንገትን እየዞሩ ማሽከርከር አያስፈልግሽም።

ጣትሽስ? ስትጽፊ ክርንሽን የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ታሳርፊያለሽ? ክርናችንን ስንጋጭ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረን ቦታ አለ። እዚያ የሚያልፈው ነርቭ ነው ወደ ትንሿና ወደ ቀለበት ጣት የሚሄደው። ሲጫን እነሱ ይደነዝዛሉ። ፎጣ አጥፊና ጠርዙ ላይ አንጥፊበት፣ ክርንሽንም ብዙ አትጠፊው። በሁለት ሳምንት ካልቀነሰ፣ ወይም ዕቃ ሲወድቅብሽ ካየሽ፣ ታይተሽ ተመርመሪ። ይህ ደወል የሚፈታው ነገር አይደለም።

---

አባይ ማዶ · ረቡዕ ማታ 2፡40

አመሰግናለሁ ወንድሜ። ግን ስምንት ብርጭቆውንስ? ቡናውንስ? ዝም ብለህ አለፍከው።

---

ወገብና ትከሻ · ረቡዕ ማታ 3፡02

ቡናውም ሻይውም ከቁጥር ይገባል። ቡና ትንሽ ሽንት ያበዛል፣ ግን በሲኒው ውስጥ ከገባው በላይ አያስወጣም፣ በተለይ የለመደ ሰው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣ ሰው ውሃ ወስዷል፣ አልከሰረም። እንቅልፍ የሚነሳህ ከሆነ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ስምንት ብርጭቆ መጥፎ ግምት አይደለም። ለሁሉም ሰው የሚሰራ ልክ ግን አይደለም። አውሮፓውያን የሚጠቀሙበት መመሪያ ለሴት በቀን 2 ሊትር፣ ለወንድ 2.5 ሊትር ይላል። ይህ ከምግብ የሚገኘውን ጨምሮ ነው፣ ያውም ለመካከለኛ ሙቀት። እንጀራውና ወጡ ውስጥም ውሃ አለ። ሚያዝያ ላይ ባሕር ዳር 30 ዲግሪ ስትገባ ደግሞ ከዚያ በላይ ትፈልጋለህ። ዋናው መለኪያ ሽንት ነው። እንደ ገለባ ፈዛዛ ከሆነ በቂ ነው። ቫይታሚን ቢ የሚውጥ ሰው ግን በቀለሙ አይፍረድ፣ ኪኒኑ ራሱ ደማቅ ቢጫ ያደርገዋል።

ሐኪም ውሃ ቀንስ ያለው የልብ ወይም የኩላሊት ታማሚ ደግሞ እዚህ የተጻፈውን ይተወውና ሐኪሙን ይስማ።

---

የፖሊ ልጅ · ረቡዕ ማታ 3፡30

ፀሐይ፣ ከተቀመጥሽበት የሚቆጥር ነገር ይኸው። ኪቦርድና ማውስ ያልተነካበትን ጊዜ የሚነግረን `xprintidle` የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፣ እሱን ጫኚ። በሚሊ ሰከንድ ነው የሚናገረው። 300000 ማለት 5 ደቂቃ ነው።

```
n=0
while sleep 60; do
  if [ "$(xprintidle)" -gt 300000 ]; then
    n=0
  else
    n=$((n+1))
  fi
  if [ "$n" -ge 45 ]; then
    notify-send "ተነሺ"
    n=0
  fi
done
```

በየደቂቃው አንዴ ያያል። 5 ደቂቃ ምንም ካልነካሽ ተነስታለች ብሎ ቆጠራውን ከዜሮ ይጀምራል። እየሰራሽ ከሆነ አንድ ደቂቃ ይጨምራል። 45 ሲሞላ ይጠራሻል። ልብ በዪ፣ ይህ የሚሰራው ዤኦርግ በሚባለው የስክሪን ሥርዓት ስትገቢ ነው። ዌይላንድ በሚባለው በአዲሱ ላይ ከሆንሽ `xprintidle` ትክክለኛውን አይነግርሽም። ላፕቶፕሽ ላይ ዤኦርግ ካለ፣ ፓስወርድ የምታስገቢበት ገጽ ላይ ከታች ካለው ምልክት መቀየር ትችያለሽ።

ኮድ መንካት ለማይፈልግ ሰው ወርክሬቭ እና ስትሬችሊ የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፣ ዊንዶውስ ላይም ይሰራሉ። ሁለቱም ከኮምፒውተሩ ስትርቂ ያውቃሉ።

---

ኡሙ ሰልማ · ሐሙስ ማታ 1፡30

የውሃውንና የመነሳቱን ደወል መለየት ያለውን ጥቅም እኔ ያየሁት በረመዳን ነው። ዓመቱን ሙሉ አንድ ደወል ነበረኝ፣ «ውሃ ጠጪና ተነሺ» የሚል። ጾሙ ሲገባ ውሃው ስለሌለ ደወሉን በሙሉ ዘጋሁት። ወር ሙሉ ሳልነሳ ተቀምጬ ሰራሁ። ጾሙ ሲያልቅ ወገቤ ተይዞ ነበር። አሁን ለየኋቸው። ረመዳን ሲገባ የውሃውን ብቻ ወደ ማታ አዛውረዋለሁ፣ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር። የመነሳቱ ግን አይነካም።

---

መስኮት 4 · ሐሙስ ማታ 1፡55

ኡሙ ሰልማ፣ በእኛም በዐቢይ ጾም እንደዚያው ነው። እኔ እስከ 9 ሰዓት ውሃ አልቀምስም። ያኔ የ4 ሰዓቱን ተራ ለመቆም ብቻ እጠቀምበታለሁ።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ከ9 ሰዓት በኋላ የቀኑን ውሃ ሁሉ ስጠጣ ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ እነሳለሁ። ሌላ ሰዓት የለኝም። ምን ይሻላል?

---

ወገብና ትከሻ · ሐሙስ ማታ 2፡20

ከ9 እስከ 12 ሰዓት ድረስ አብዛኛውን ጠጥተሽ፣ ከመተኛትሽ በፊት ባለው ሁለት ሰዓት ውስጥ መጠጣቱን ብትቀንሺ ይረዳል። ሙሉ በሙሉ ይተወኛል ግን አትበዪ። ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት ውስጥ የቀን ውሃ ማስገባት ራሱ ጠባብ ነው። ሽሮውን ቀጠን ማድረግ፣ ፍራፍሬ መጨመርም ከውሃው ይቆጠራል።

---

ፀሐይ ከሽምብጥ · ቅዳሜ ጠዋት 4፡10

ሁለት ቀን ሞከርኩት። ክርኔን ጠርዙ ላይ እንደማሳርፍ አላውቅም ነበር፣ አሁን ፎጣ አለ። ስለ ስክሪፕቱ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሲጠራኝ አረፍተ ነገር መሐል እሆንና «አሁን እነሳለሁ» እላለሁ። ከዚያ እረሳዋለሁ። እሱም ሌላ 45 ደቂቃ ዝም ይላል። ትናንት እንዲህ ሆኖ 90 ደቂቃ ተቀመጥኩ።

---

የፖሊ ልጅ · ቅዳሜ ጠዋት 5፡00

ልክ ነሽ፣ የእኔ ስህተት ነው። መጥራቱን እንደ መነሳት ቆጥሬዋለሁ። ታች ያለውን `n=0` ወደ `n=40` ቀይሪው። ካልተነሳሽ ከ5 ደቂቃ በኋላ ይደግምልሻል፣ እስክትነሺ ድረስ።

እሱን ስትቀይሪ ግን ላይኛውንም መንካት አለብሽ። ሦስት ደቂቃ ብቻ ከሆነ የምትቆሚው፣ 5 ደቂቃ የሚጠብቀው መስመር መነሳትሽን አያውቅም። ተመልሰሽ ስትቀመጪ ይነዘንዝሻል። 300000ን 120000 አድርጊው፣ ሁለት ደቂቃ ማለት ነው። ጉዳቱ ምን መሰለሽ፣ ቁጭ ብለሽ ሁለት ደቂቃ ምንም ካልነካሽም ተነስታለች ይላል።

---

ፀሐይ ከሽምብጥ · እሑድ ማታ 1፡15 (ከሳምንት በኋላ)

ውጤቱን ይዤ መጣሁ። ሰባት ቀን እየጻፍኩ ቆጠርኩ። ያነሰው ቀን 7 ጊዜ ተነሳሁ፣ የበዛው ቀን 10 ጊዜ። በፊት 5 ነበር። ትንሿ ጣቴ ከሐሙስ ጀምሮ አልደነዘዘችም። ትከሻዬ ግን ገና ነው።

ረቡዕን ልንገራችሁ፣ ሁሉም ነገር ያለው በዚያ ቀን ነው። 2፡40 ጀመርኩ። 3፡25 ጠራኝ፣ ተነሳሁ፣ በሩ መቃን ላይ ተደገፍኩ፣ 3፡28 ተቀመጥኩ። 4፡13 ጠራኝ። አንዲት ፈጣን ተናጋሪ ላይ ነበርኩ፣ አለፍኩት። 4፡18 ደገመው። ተነሳሁ። 4፡21 ተመልሼ ተቀመጥኩ። እስከዚህ በጣም ጥሩ ነው።

4፡40 ላይ ሥራ የሚልክልኝ ሰው ደወለ። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ 25 ደቂቃ አወራን። ኪቦርድ አልነካሁም። ማሽኑ ተነስታለች ብሎ ከዜሮ ጀመረ። 5፡05 ወደ ሥራ ተመለስኩ፣ የጠራኝ 5፡50 ነው። ከ4፡21 እስከ 5፡50 አንዴም አልተነሳሁም፣ 89 ደቂቃ ነው። ማሽኑ ግን 45 ነው የሚለው። ያወቅኩት አንገቴ ሲይዘኝ ነው።

ሃይላንዱ ደግሞ የጠበቅኩትን አልሆነም፣ በለጠ። 4፡30 ላይ ቀና ስል ውሃው ገና ከ3፡30ው መስመር በላይ ነበር። ማንም ሳይጠራኝ አየሁት። ስልክ እያወራሁ ግማሽ ብርጭቆ፣ ከዚያ 5፡10 ላይ አንድ፣ 5፡50 ላይ አንድ። 6፡30 ላይ የቀረውን ጠጥቼ ታቹ ደረስኩ። ከሰዓት በኋላ ያለው ሃይላንድ ላይ ግን የ10፡30ውን መስመር አላልፍም። ከዚያ በታች ከጠጣሁ ሌሊት እነሳለሁ።

ሌላም አለ። ምሳ ስሄድ ላፕቶፑን ከድኜው እሄዳለሁ። ተመልሼ በከፈትኩ በሰባት ደቂቃ ጠራኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሬ ሄጄ ሐይቁ ዳር አየር ወስጄ እኮ ነው የመጣሁት። ለምን?

---

የፖሊ ልጅ · እሑድ ማታ 1፡50

ሲከደን ላፕቶፑ ይተኛል፣ ስክሪፕቱም አብሮ ይተኛል። `sleep` የተኛበትን ጊዜ አይቆጥርም። ስትሄጂ `n` 38 ላይ ከነበረ ስትከፍቺው 38 ላይ ነው የሚቀጥለው። 38 እና 7፣ 45። ቋሚ ሰዓት ቢሆን ይህ አይደርስብሽም ነበር፣ እውነቱ ይነገር። በኮድ ማስተካከል ይቻላል፣ ግን ቀላሉ ምሳ ስትሄጂ ስክሪፕቱን ዘግተሽ ስትመለሺ ማስነሳት ነው።

የስልክ ጥሪውን ግን በኮድ አልፈታልሽም። ኪቦርድ ያልነካ ሰው ተቀምጧል ወይስ ቆሟል፣ ላፕቶፕ አያውቅም።

---

ወገብና ትከሻ · እሑድ ማታ 2፡10

ጥሪውን መፍቻ ቀላል ነው። ስልክ ሲጠራ ቁሚ። እስኪያልቅ ቆመሽ አውሪ፣ ብትችዪ ተራመጂ። ያኔ ማሽኑ ተነስታለች ሲል እውነቱን ነው።

ለመቆም የሚያስታውሱ የእጅ ሰዓቶችም አሉ። ፊትቢት ለምሳሌ ሰዓቱ ሊሞላ 10 ደቂቃ ሲቀረው ያያል፣ በዚያ ሰዓት ውስጥ 250 እርምጃ ካልሄድሽ ብቻ ይነዝርሻል። ቋሚ ሰዓት ነው፣ ግን የሄደን ሰው አይረብሽም። ዋጋው ግን ለሁላችንም አይሆንም፣ ስልክ ሲጠራ መቆም ነፃ ነው።

---

አባይ ማዶ · እሑድ ማታ 2፡35

እኔ በሰዓቱ ሙሉ አላርሜ እቀጥላለሁ። ላፕቶፕ አይተኛበትም፣ መብራት ቢጠፋም ስልኬ ይጮኻል። ቢሮአችን ያለው ዴስክቶፕ ነው፣ መብራት ሲሄድ ስክሪፕትሽም አብሮ ነው የሚሄደው። ቡናውን ግን ከዛሬ ጀምሮ ቆጥሬዋለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ሁለት ዓመት አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የምጠቀመው፣ አሁን አሁን እየሰማሁትም አልነሳም። እንደ ግድግዳ ሰዓት ድምፅ ሆኖብኛል። ይህ የደረሰበት አለ?

---

መስኮት 4 · እሑድ ማታ 2፡50

እኔ የምነሳው ባልደረባዬ ትከሻዬን ስትነካኝ ነው። ያ እስካሁን አልለመደኝም።

---

ፀሐይ ከሽምብጥ · እሑድ ማታ 3፡05

አባይ ማዶ፣ እኔም ገና ሳምንቴ ነው፣ ስለ ድምፁ አላውቅም። ድምፁን በየሁለት ሳምንቱ እየቀየርኩ ልሞክረውና በወሩ መጨረሻ እጽፍላችኋለሁ። ነገ ጠዋት ሃይላንዱ ላይ የ10፡30ውን መስመር 10 ሰዓት ብዬ ቀይሬ ነው የምጀምረው።